አራተኛው ልጥ

በዚያ ዱር ሥርዓት አልጎደለም። ማን ከማን በፊት እንደሚጠጣ፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ፣ ማን ሲያስነጥስ ማን "ይማርዎ" እንደሚል ሁሉ ተደንግጓል። ከሁሉ በላይ አንበሳው ነበር። አንበሳውን ግን ሁለት ክረምት ሙሉ ያየው የለም፤ ዋሻው ደጃፍ ቆሞ "ጌታችን ተኝተዋል" የሚለው እንደራሴው ጅብ ነው። ትእዛዝ አልተቋረጠም። እንዲያውም አንበሳው ከተኛ ወዲህ ትእዛዙ በዝቷል። የተኛ ጌታ ይህን ያህል መናገሩ የገረመው እንስሳ ቢኖር፣ መገረሙን ለራሱ ይዞ ሣሩን ይግጣል።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚኮሩበት አንድ አሮጌ ልማድ ነበራቸው። ደም የፈሰሰበት ነገር ሲገጥም ከዛፍ በተላጠ ልጥ፣ በአራት ልጥ ይጻፋል። በመጀመሪያው ልጥ የአሸናፊው ቃል ይሰፍራል፣ በሁለተኛው የተሸናፊው፣ በሦስተኛው ቆሞ ያየው። አራተኛው ባዶውን ይቆያል። ሦስቱ በጉባኤ ከተነበቡ በኋላ ጉባኤው ያለው በአራተኛው ይጻፋል፤ ፍርዱም እሱ ነው። ንባቡ የራሱ ወግ አለው። የአሸናፊውን ቃል የሚያነበው ተሸናፊው ነው፣ የተሸናፊውን ደግሞ አሸናፊው። አያቶች ይህን የደነገጉት የባላጋራን ቃል በገዛ አፍ ማለት ጆሮን ይከፍታል ብለው ነበር። የጉባኤውን ቦታ አሸናፊ ይመርጣል፣ ቀኑን ተሸናፊ፣ ሰዓቱን ቆሞ ያየ። ወገን ሁሉ ከነዘሩ መገኘት አለበት፤ የቀረ እንደተረታ ይቆጠራል።

ልጡን የምትጽፈው እሜት ጃርት ነበረች። ገና በወጣትነቷ በአንድ ልጥ ሰበብ ከዚህ ዱር ተባርራ፣ ሁለት ወንዝ ተሻግራ ኖራለች። በሄደችበት ሁሉ የየዱሩን መዝገብ ስታነብ አረጀች። ካነበበችው ሁሉ የቀራት ጥቂት እምነትና ብዙ ጥርጣሬ ነው። የምትጽፈው ከገላዋ በወደቀ በራሷ እሾህ ነበር፤ ነቅላ አትጽፍም፣ ወድቆ ያገኘችውን እንጂ። እንደራሴው ሰው ልኮ ሲያስጠራት፣ "ወገን የሌላቸው፣ ዘመድ የሌላቸው፣ እሳቸው ይጻፉልን" አለ። እሷም ስድቡን እንደ ምስጋና ተቀብላ መጣች።

የተጠራችበት ነገር እንዲህ ነው። ከዱሩ በታች ወንዙ የሚሻገሩበት መልካ አለ። በበጋ ከማዶው በቀር ልምላሜ የለምና መልካውን የያዘ የበጋውን ሕይወት ያዘ። ወደ መልካው የሚያወርደው መንገድ አንድ ነው፤ በገደሉ መሐል የተሰነጠቀ፣ አንድ ገላ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ጉሮሮው የሚሉት። ከጉሮሮው ሲወጡ በግራ ማጥ፣ በቀኝ ገደል፣ ፊት ለፊት ወንዙ፣ ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ።

እሜት ጃርት በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈች። "ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወንዙ ሙሉ ሳለ፣ በአንድ ማለዳ ድኩላዎች በጉሮሮው ወደ መልካው ወረዱ፤ ሠላሳ አንዱ አልተመለሱም።" ይህችን ለመጻፍ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀባት። "ተገደሉ" ብላ ፋቀችው። "ሞቱ" ብላ ፋቀችው፤ ሞቱ ማለት በራሳቸው እንደ ማለት ነው። "አልተመለሱም" ላይ ቆመች። አልተመለሱም የሚለውን የሚክድ ወገን የለም። መጀመሪያ ማንም የማይክደውን መሬት ትይዛለች፤ ከዚያ ነው የሚካደውን የምትቆጥረው።

ቁጥሩንም እንዲሁ አላገኘችውም። ድኩላዎቹ "ሁለት መቶ" አሉ። ጅቦቹ "አሥር ቢሆኑ ነው" አሉ። እሷ ማጡ ውስጥ እስከ ሆዷ ገብታ የራስ ቅል ቆጠረች።

ከዚያ ወደ አሸናፊው ሄደች፤ ከዚያ ማለዳ ወዲህ መልካውን የያዙት እንደራሴውና ጅቦቹ ነበሩ። እንደራሴው የቤቱን በር ከፍቶ፣ ጥርሱን በደንብ ሸፍኖ ተቀበላት።

"እሜቴ፣ ይቀመጡ። ከእኛ መጀመርዎ ደግ ነው።"

"ከማን እንደጀመርኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ እርስዎም አይንገሩ" አለችው። "በዚያ ማለዳ የት ቆመው ነበር? ፊትዎ ወዴት ነበር? ነፋሱስ?"

"ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ነፋስ ምን አደረገ?"

"ነፋሱ ከወዲያ ከሆነ የሰሙት ከወዲያ ነው።"

እንደራሴው ሳቀ። እሷ ግን ለያንዳንዱ ቃል ምልክት ነበራት፤ ለታየው አንድ ጭረት፣ ለተሰማው ሁለት፣ "እንዲህ መሆን አለበት" ተብሎ ለተገመተው ሦስት። እንደራሴው ሲናገር የሦስቱ ጭረት በዛ።

"እኛ ጩኸት ሰምተን ልንረዳ ነው የመጣነው" አለ። "እንደ ጎርፍ እየተገፉ ራሳቸው ማጡ ገቡ። አዝነን ቆምን። የማያምን አሞሮቹን ይጠይቅ! እኛ ስንደርስ ሾላው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ፀሐይ እንኳ አልወጣችም። ሁሉን አይተዋል።"

እንዳለው ጻፈችው። አላሳመረችውም፣ አላጣመመችውም። ሌሎች አምስት ጅቦችንም አንድ በአንድ፣ አንዱ ሌላውን በማያይበት ቦታ ጠየቀች። አራቱ "እንደ ጎርፍ እየተገፉ ራሳቸው ማጡ ገቡ" አሉ፣ ቃል በቃል። አራት አፍ አንድ ቃል ሲናገር ከኋላው አንድ አፍ እንዳለ ታውቃለች፤ ሆኖም የማወቋን ያህል አልጻፈችም፣ ቃሉን አራት ጊዜ ጻፈችው ብቻ። አምስተኛው አንካሳ ጅብ ነበር። "ሌላውን አላስታውስም" አለ፤ "ጉሮሮው አናት ላይ ስንቆይ እግሬን በረደኝ። የታመመ እግር ብርድ አይወድም።"

"ብዙ ቆያችሁ?"

"እኔ እንጃ። እግሬ እስኪደነዝዝ።"

የራስን ወገን የሚጎዳ ቃል ከሁሉ ይከብዳል። ለዚህ ብላ ከሁለት ሳምንት በኋላ የጻፈችውን ልታነብለት ተመለሰች፤ ለሁሉም የራሱን ቃል ብቻ መልሳ ማንበብ ልማዷ ነው፣ የሌላውን ግን አታሰማም። አንካሳው አልነበረም። "ለመንግሥት ሥራ ሩቅ ተልኳል" አሏት። በዚያ እግሩ።

ድኩላዎቹ ጋ ስትደርስ የቃል ድርቀት አልነበረም፤ ሁሉ ባንድ ላይ ያወራል፣ ሁሉ ያለቅሳል። ከተረፉት መሐል አፈ ቀላጤ ያደረጓት ሸጊት ነበረች፤ ባሏንና ሁለት ልጆቿን በማጡ ያጣች፣ አንዲት ልጅ የቀረቻት። እሜት ጃርት ከእሷም ጋ በነፋስ ጀመረች።

"እሜቴ፣ ሠላሳ አንድ ብለው ጻፉ አሉ" አለች ሸጊት። "ሠላሳ አንድ ብቻ?"

"የቆጠርኩት ነው።"

"ሐዘናችንን አሳነሱት።"

"ሁለት መቶ ብዬ ብጽፍና አንድ ጅብ ወርዶ ቢቆጥር፣ ሠላሳ አንዱንም ውሸት ያደርጋቸዋል።"

ከዚያ ሸጊት የደበቀችውን ነገር እሜት ጃርት አወጣችባት። ስለ ማለዳው ጠይቃ አይደለም። ሁልጊዜ የምትጠይቀው ስለ ዋዜማው ነው፤ ስለ ዕለቱ ሁሉም የተዘጋጀ ቃል አለው፣ ስለ ዋዜማው ግን የሚያዘጋጅ የለም። በዋዜማው የድኩላዎቹ ሽማግሌ አባ ዘለቀ እንደራሴው ቤት ሄዶ ነበር። ሲመለስም "ሁላችሁ ባንድ ቀን፣ ባንድ ላይ ውረዱ፣ ማንም አይነካችሁም ብሎ ማለልኝ" አለ። ይህን መሐላ ስላደረሰም ለራሱ ጥሩ ጥሩ ሣር ያለበት ጥግ ተሰጠው። እሱም ከፊት ወረደ፤ እሱም አልተመለሰም።

"ይህን ይተዉት" አለች ሸጊት። "የሞተ አይወቀስም።"

"እኔ አልወቅሰውም። የሆነውን አልተውም።"

"ታዲያ የእነሱ ወገን ነዎት!"

በማግስቱ እንደራሴው በሰው በሰው "አሮጊቷ ለድኩላዎቹ ታደላለች ይባላል" ብሎ ላከባት። ሁለቱም ሲያሟት ቀለሟን በጠበጠች። ለእሷ ደግ ምልክት ይህ ነበር። ላይሆን እንደሚችል ያኔ አልጠረጠረችም።

የቀሩት ቆመው ያዩት ናቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየን ንጹሕ ያደርገዋል፤ እሜት ጃርት ግን ከሁሉ የምትፈራው እሱን ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የሚፈልጉት ይታወቃል። ቆሞ ያየው ምን እንደሚፈልግ ቆፍረው ያወጡታል።

የአሞሮቹን አለቃ አባ ጆፌን በማለዳ አስጠርታው በእኩለ ቀን መጣ።

"አባ ጆፌ፣ እንግዳ አስጠብቀው ይመጣሉ እንዴ?"

"እሜቴ፣ አሞራ መሆኔን ረሱት? ምድር ሳይሞቅ ክንፌ አይነሳም። የሞቀ አየር ነው የሚያወጣን። በብርድ ቢገድሉኝ ከቅርንጫፌ አልወርድም።"

"በዚያ ማለዳስ?"

"ጩኸት ሰምተን መጣን። ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ። ሁሉ አልቆ ነበር።"

"ምን በሉ ያን ቀን?"

"ይኼ የምስክር ቃል ነው ወይስ የምሳ?" አለ አባ ጆፌ፣ ላባውን እያራገፈ። "የበላሁትን ማን ያልበላው አለ? ዝንቡም በልቷል። ዝንቡን ይጠይቁት!"

የመጨረሻዋ ጦጢት ነበረች፤ ሾላው ላይ የምትኖር። ጦጣ አደጋ ስታይ የምትጮኸውን ጩኸት ዱሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድኩላ ለዚያ ጩኸት ሲል ከጦጣ ሥር ይግጣል። በዚያ ማለዳ ጩኸቱ አልተሰማም።

"አሞሮቹ መቼ መጡ?" አለቻት እሜት ጃርት።

"በዋዜማው ማታ። ፀሐይ ሳትጠልቅ። ከታችኞቹ ቅርንጫፎች ሰፍረው አደሩ፤ ቦታ አጥቼ ጫፍ ላይ ተኛሁ።"

"ለምን አልጮኽሽም?"

ጦጢት ጅራቷን መላስ ጀመረች። "አሞራ ካለ የሞተ አለ፣ የሞተ ካለ ነገሩ አልፏል ብዬ ነዋ። የሚመጣ ነገር መቼ መሰለኝ! ደግሞ እኔ ምንም አልበላሁም፤ ይጻፉልኝ። ዝም ያለ አልበላም።"

"እጽፈዋለሁ" አለች እሜት ጃርት፤ ጻፈችውም።

ያን ዕለት ሦስቱን ልጦች ጎን ለጎን ዘርግታ ተቀመጠች። ርዝመታቸው እኩል አልነበረም። በሌሎች ዱሮች ጸሐፊዎች ልጦችን እኩል ቆርጠው "አላዳላንም" ሲሉ አይታለች፤ ለውሸትም ለእውነትም እኩል ቦታ መስጠት ማዳላት ነው ስትል ኖራለች። በአንደኛው ልጥ አሞሮቹ ጅቦቹን ቀድመው ከፀሐይ በፊት ተቀምጠዋል። በሦስተኛው ምድር ሳይሞቅ አሞራ አይበርም፤ በዚያው ልጥ ከዋዜማው ማታ ሰፍረዋል። በአንደኛው ውስጥ የአንድ አንካሳ እግር በርዶታል። በሁለተኛው መሐላ አለ። አንዱ ብቻውን ሲነበብ ምንም አይልም። ሦስቱ አብረው ሲሰሙ ግን አሞሮቹን ዋዜማውን የጠራቸው እንዳለ ደንቆሮም ይገባዋል። ታዲያ "የጠራቸው እገሌ ነው" ብላ አልጨመረችም። ያ የአራተኛው ልጥ ነው። የጉባኤው እንጂ የእሷ አይደለም።

ሸጊት መጣች። ልጇን ከኋላዋ አስከትላ ነበር።

"እሜቴ፣ ጉባኤው ሊቀመጥ ነው። እንደራሴው ቦታውን መልካው ዳር ሾላው ሥር አድርጎታል። እኔ ቀኑን ነገ ብያለሁ፤ ሣሩ አልቋል፣ መጠበቅ አንችልም። አባ ጆፌ ደግሞ ሰዓቱን ጎህ ሲቀድ አለ።"

"ጎህ ሲቀድ" ብላ እሜት ጃርት ጻፈች። ሁሉን "ለምን?" ብላ የምትጠይቀው አሮጊት ይህን አልጠየቀችም። ለወግ ጉዳይ ለምን አይባልም።

"ካልወረድን ተረታን፣ መልካው ለዘላለም የጅብ ይሆናል" አለች ሸጊት። "ብንወርድ ደግሞ ሁላችን ነን፤ ባንድ ቀን፣ ባንድ ላይ። እርስዎ የሁሉን ቃል ሰምተዋል። አንድ ቃል ብቻ ይንገሩኝ። ልጄን ይዤ ልውረድ ወይስ አልውረድ?"

እሜት ጃርት ልጅቷን አየቻት። ከዚያ ልጦቹን።

"ከንባቡ በፊት አንድ ቃል ብነግርሽ ሦስቱም ልጥ ይበላሻል። 'ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው ወገን ነበረች' ይላሉ፤ የቆጠርኩት ቅል ሁሉ ወሬ ይሆናል። የሞቱት ሁለተኛ ይሞታሉ። እስኪነበብ ታገሺ።"

"የሞቱት ይቆዩ እሜቴ፤ ያለነውስ?"

እሜት ጃርት ልጦቹን መጠቅለል ጀመረች። ሸጊት ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ሄደች።

በማግስቱ ድኩላዎች በጉሮሮው አንድ በአንድ ወረዱ። ከወንዙ ላይ ጉም ተነስቶ ሾላውን እስከ ግንዱ ሸፍኖታል። ውሃው በበጋው ጎድሎ ጉልበት አይደርስም። እንደራሴው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት ጅቦች ብቻ አጠገቡ ነበሩ።

"የቀረው ወገንዎ?" አለች እሜት ጃርት። "ወጉ ከነዘር ነው።"

"ከላይ ናቸው። ቦታው ጠባብ ነው ብለን ለድኩላዎቹ ለቀቅን። በኋላ ይወርዳሉ።" ራሱን ዝቅ አደረገ። "አክብሮት ነው እሜቴ። ይጻፉት።"

ጻፈችው። የመጀመሪያውን ልጥ ለሸጊት ሰጠቻት፤ የአሸናፊውን ቃል ተሸናፊ ያነባልና። አራተኛውን ልጥ ባዶውን ከፊቷ አኖረች።

ሸጊት አነበበች። ድምፅዋ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ነበር፤ የጠላት ቃል ነውና እየተጸየፈች ነበር የምትለው። "እኛ ጩኸት ሰምተን ልንረዳ ነው የመጣነው።" ከኋላዋ ድኩላዎቹ አጉረመረሙ። "እንደ ጎርፍ እየተገፉ ራሳቸው ማጡ ገቡ። አዝነን ቆምን።" እንደራሴው አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ። "የማያምን አሞሮቹን ይጠይቅ። እኛ ስንደርስ ሾላው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ፀሐይ እንኳ…"

እዚያ ቆመች።

ቃሉ ከገዛ አፏ ወጥቶ ነበርና ተመልሳ ሰማችው። ቀስ ብላ ቀና አለች። ጉሙ እየሳሳ ነበር። ከሸጊት በኋላ ልጇ ቀና አለች፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ጉባኤው ሁሉ።

ሾላው ከታችኛው ቅርንጫፍ እስከ ላይኛው በአሞራ ተሞልቷል። ጎን ለጎን፣ አንገታቸውን በትከሻቸው መሐል ቀብረው፣ ጤዛ ላባቸው ላይ ተኝቶ። አንዱም ክንፉን አላነሳም። ጫፍ ላይ ጦጢት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ምሥራቁ ገና አመድ ነበር።

"አንብቢ እንጂ" አለ እንደራሴው፣ በለሆሳስ።

የሚያነብ አልነበረም። እሜት ጃርት አንድ በአንድ ያሰፈረቻቸው ነገሮች፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከነዘር መገኘቱ፣ "ከላይ ናቸው" የሚለው፣ ሁሉም በገዛ እሾኋ ተጽፈው ከፊቷ ነበሩ። አንዱንም አላጣመመችም። አንዱም አላመለጣትም። ከገደሉ አናት አንድ ጠጠር ተንከባልላ በጉሮሮው ወረደች።

አሮጊቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች። አራተኛውን ልጥ አልነካችውም። በአጭር እግሯ፣ ሳትቸኩል፣ ጉባኤውን አቋርጣ ጉሮሮው አፍ ደረሰች፤ አንድ ገላ ብቻ የሚያሳልፈው አፍ። እዚያም ፊቷን ወደ ወንዙ፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ጃርት የምትዋጋው በጀርባዋ ነውና። ሰው ቃል ሲሰጥ እንዳያውክ ብላ ዕድሜ ልኳን አስተኝታ ያኖረችውን እሾህ ሁሉ አቆመችው። ሲንቀጫቀጭ ገደሉ አስተጋባው።

"እሜቴ" አለ እንደራሴው፣ አሁን ጥርሱን ሳይሸፍን። "ጉባኤው ገና አልፈረደም። ወገን ያዙ እንዴ?"

"ዘገየሁ እንጂ" አለች። ከዚያ በማንም ልጥ ላይ ያልተጻፈ ቃል ተናገረች። "ሸጊት! ውሃው ጉልበት አይደርስም። ልጅሽን ይዘሽ ወደ ማዶ!"

ከጉሮሮው ውስጥ፣ ከጀርባዋ፣ የብዙ እግር ድምፅ ይወርድ ነበር። ከፊቷ የመጀመሪያዋ ድኩላ ውሃውን ስትመታው ሰማች።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ እንደ ወጉ፣ በሦስት ወገን ቃል መጻፍ አለበት። ልጡም ተዘጋጅቷል። እስካሁን ቃሉን ሊሰጥ የመጣው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እሱም የመጣው ምድር ከሞቀ በኋላ፣ ጠግቦ ነው።